ቪፒኤን ምን ይደብቃል፣ ምን አይደብቅም? ላፕቶፕ ላይስ እንዴት ይጫናል?

«ቪፒኤን ካበራሁ ማንም አያየኝም አይደል?» ይህ ጥያቄ ሳይቀርብልኝ የሚያልፍ ሳምንት የለም። አንዱ ካፌ ቁጭ ብሎ የባንክ አካውንቱን ሊከፍት ሲል ይጠይቃል። ሌላው የተዘጋ ድረ ገጽ ሲገጥመው። ሌላው ደግሞ ጭኖ ሲያበቃ «ይኸው አብርቼዋለሁ፣ ማፑ ግን አሁንም ሰፈሬን ያሳየኛል» ብሎ ይደውላል። ለሁሉም በየተራ ከመመለስ ልጻፈው ብያለሁ።

ቪፒኤን ማለት የኔት ትራፊካችሁን መስጥሮ ሌላ ቦታ ባለ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፍ አገልግሎት ነው። የሚደብቀውም ሁለት ነገር ነው። ኔት ከሚሰጣችሁ አካል፣ የምትሄዱበትን ቦታ ይደብቃል። ከምትሄዱበት ድረ ገጽ ደግሞ የመጣችሁበትን አይፒ አድራሻ ይደብቃል። የቀረው ሥራው አይደለም። ይህን ሳይለዩ መጫን ትርፉ የውሸት መተማመን ስለሆነ፣ ወደ አጫጫኑ ከመግባታችን በፊት አንድ ምሳሌ እንይ።

አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ካፌ፣ አንድ የዊኪፔዲያ ገጽ

ካፌ ገብታችሁ ዋይፋዩን ያዛችሁ እንበል። ከዚያ የአማርኛ ዊኪፔዲያን ከፍታችሁ ስለ አንድ በሽታ ማንበብ ጀመራችሁ። ቪፒኤን የለም።

የካፌው ዋይፋይ ባለቤትም ሆነ ከሱ ጀርባ ያለው ቴሌ `am.wikipedia.org` መግባታችሁን ያያሉ። ምክንያቱም ላፕቶፑ መጀመሪያ «ይህ ስም አድራሻው የት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ ሳይመሰጠር ነው የሚያልፈው። ዲኤንኤስ የሚባለው ይህ ነው። ቀጥሎ ግንኙነቱ ሲጀመርም የድረ ገጹ ስም እንደገና በግልጽ ይላካል።

የትኛውን በሽታ እንዳነበባችሁ ግን አያዩም። ገጹ በ `https` የሚጀምር ስለሆነ ከስሙ በኋላ ያለው ሁሉ ተመስጥሯል። የምትጽፉት ፓስወርድም እንደዚሁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይገረማል፤ ካፌ ውስጥ ፓስወርድ እንዳይሰረቅ የሚጠብቀው በዋናነት ቪፒኤን ሳይሆን ይህ `https` ነው። ያለ ቪፒኤንም ይሠራል።

አሁን ቪፒኤኑን አብሩት። ካፌውና ቴሌ ከዚህ በኋላ የሚያዩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ላፕቶፓችሁ ኔዘርላንድስ ካለ አንድ ሰርቨር ጋር እያወራ ነው። ምን ያህል ዳታ እንደተላለፈና በስንት ሰዓት እንደሆነ ያውቃሉ። ቪፒኤን መሆኑንም በቀላሉ ይለያሉ። ከዚያ ወዲያ ዊኪፔዲያ ይሁን ዩቲዩብ አይታወቃቸውም።

ለዊኪፔዲያ ደግሞ ከኔዘርላንድስ የመጣችሁ ትመስሉታላችሁ። ነገር ግን በስማችሁ ሎግ ኢን ካደረጋችሁ ማን እንደሆናችሁ ያውቃል። ስማችሁን ነግራችሁታላ!

ቀድሞ ካፌውና ቴሌ ያዩት የነበረውን አሁን የሚያየው የቪፒኤኑ ድርጅት ነው። `am.wikipedia.org` መግባታችሁ ለሱ ይታየዋል። ስለዚህ ቪፒኤን ማለት ዓይኑን ማጥፋት ሳይሆን ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ማዞር ነው። ማንን እንደምታምኑ መምረጥ ዋናው ሥራ የሆነውም ለዚህ ነው።

የማይደብቃቸው፣ ሰው ግን ይደብቃል ብሎ የሚያስበው

ማፑ ሰፈራችሁን የሚያሳየው ለምንድን ነው? ዊንዶውስ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው በአይፒ አድራሻ ብቻ አይደለም። በአካባቢው ያሉትን ዋይፋዮች ዝርዝር ሰብስቦ ከአንድ ትልቅ መዝገብ ጋር ያመሳክራል። የጎረቤታችሁ ራውተር ከናንተ ጋር ወደ ኔዘርላንድስ አልሄደም። ይህን ማጥፋት ከፈለጋችሁ `Settings` ገብታችሁ `Privacy & security` ሥር፣ ዊንዶውስ 10 ላይ ደግሞ `Privacy` ሥር፣ `Location` የሚለውን ዝጉ። የቪፒኤን ጉዳይ አይደለም።

ኩኪም አለ። ትናንት ያለ ቪፒኤን የገባችሁበት ድረ ገጽ ብራውዘራችሁ ላይ ምልክት ትቷል። ዛሬ በቪፒኤን ስትመጡ ያንን ምልክት አይቶ «ያው የትናንቱ ሰው» ይላል። ጉግል አካውንታችሁ ክፍት ከሆነ የፍለጋ ታሪካችሁ እንደ ወትሮው ይመዘገባል።

በስህተት ያወረዳችሁት ቫይረስም ሆነ የውሸት የባንክ ገጽ በቪፒኤን ውስጥ ያለ ምንም ችግር ይገባል። ላፕቶፑ የመሥሪያ ቤት ከሆነና የቁጥጥር ፕሮግራም ከተጫነበት ደግሞ ፕሮግራሙ ስክሪናችሁን የሚያየው መረጃው ሳይመሰጠር በፊት ነው።

ኔት ሲዘጋስ? ሁለት ዓይነት መዘጋት አለ። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለአምስት ወር ያህል ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲዘጉ ሌላው ኔት ይሠራ ነበር፤ ቪፒኤን የጠቀመውም ለዚህ ነው። በሰኔ 2012 መጨረሻ እንደሆነው ኔቱ ራሱ ሲቋረጥ ግን ቪፒኤን የሚሄድበት መንገድ የለውም።

ምን ያስፈልጋል?

- ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ያለው ላፕቶፕ። የአድሚን ፓስወርድ ሊኖራችሁ ይገባል፤ ፕሮግራሙ የኔትወርክ መስመር ስለሚቀይር ያለሱ አይጫንም።
- የኢሜይል አድራሻ።
- ዋየርጋርድ የሚባለው፣ ላፕቶፑን ከቪፒኤኑ ሰርቨር ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም። ነጻ ነው፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው።
- የቪፒኤን አካውንት። ለዚህ መመሪያ የስዊዘርላንዱን የፕሮቶንን ነጻ አካውንት እጠቀማለሁ። የዳታ ገደብ የለውም። በአንድ ጊዜ የሚሠራው በአንድ ዕቃ ላይ ብቻ ነው፤ ያሉት አገሮችም ጥቂት ናቸው።
- ግማሽ ሰዓት ገደማ።

ፕሮቶን የራሱ አፕ አለው፤ እሱን መጫን ይቀላል። እኔ በዋየርጋርድ የማሳየው ምን እንደሚሠራ አሥር በማይሞላ መስመር ስለሚታይ ነው። ነገ መሥሪያ ቤታችሁ ወይም ሌላ ድርጅት ፋይል ቢሰጣችሁም አሠራሩ ያው ነው።

ማስጠንቀቂያ ከመጀመራችሁ በፊት። በቴሌግራም ቻናል የሚታደሉ የቪፒኤን ፋይሎችን አትጠቀሙ። ሰርቨሩ የማን እንደሆነ አታውቁም፤ ከላይ እንዳየነው ደግሞ የሰርቨሩ ባለቤት የምትሄዱበትን ሁሉ ያያል። የታወቀ ድርጅት መሆኑ ብቻውንም ዋስትና አይደለም። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2013 የገዛው ኦናቮ የተባለ ነጻ ቪፒኤን፣ ተጠቃሚዎች በየትኞቹ አፖች እንደሚጠቀሙ ለፌስቡክ ይሰበስብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ከአፕል አፕ ስቶር ወጥቷል። ነጻ ነገር ስታዩ «ወጪውን ማን ይሸፍናል?» ብላችሁ ጠይቁ። የፕሮቶንን ነጻ ክፍል የሚሸፍኑት ለሌላው ክፍል የሚከፍሉ ደንበኞች ናቸው።

ዓረብ ኢምሬትስ ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር። የአገሪቱ እ.ኤ.አ. የ2021 የሳይበር ወንጀል ሕግ አንቀጽ 10፣ አይፒ አድራሻን ቀይሮ ወንጀል መፈጸምን ወይም ወንጀል እንዳይታወቅ ማድረግን በእስራትና ከ500,000 እስከ 2,000,000 ድርሃም በሚደርስ መቀጮ፣ ወይም ከሁለቱ በአንዱ ይቀጣል። እዚያ የተዘጋ የድምፅ ጥሪን በቪፒኤን ከፍቶ አገር ቤት መደወል የተለመደ ነው። ከማድረጋችሁ በፊት ይህን አንቀጽ እወቁት።

አጫጫኑ

1. መጀመሪያ ያለ ቪፒኤን ያላችሁን አድራሻ መዝግቡ።

የዊንዶውስን ቁልፍ ተጫኑና `powershell` ብላችሁ ጽፋችሁ ክፈቱት። ከዚያ ይህን ጻፉ፦

```
curl.exe -4 https://ifconfig.me
curl.exe -6 https://ifconfig.me
```

የመጀመሪያው በነጥብ የተለያዩ አራት ቁጥሮች ይሰጣችኋል። ይህ ዓለም የሚያየው አይፒ አድራሻችሁ ነው። ሁለተኛው ወይ በፊደልና በቁጥር የተቀላቀለ ረጅም አድራሻ ይሰጣል፣ ወይ ስህተት ይላል። ስህተት ካለ ኔታችሁ አዲሱን የአድራሻ ዓይነት አይሰጥም ማለት ነው፤ ችግር የለውም። የወጣውን ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፉት። ይህን እርምጃ ሰው ሁሉ ይዘለዋል። መጨረሻ ላይ «ተቀይሯል ወይስ አልተቀየረም?» ሲባል የሚያነጻጽረው ነገር ያጣል።

2. ዋየርጋርድን ጫኑ።

ብራውዘር ላይ `wireguard.com/install` ብላችሁ ራሳችሁ ጻፉ። በፍለጋ አትሂዱ፤ ከላይ የሚወጣው ማስታወቂያ ሌላ ቦታ ሊወስዳችሁ ይችላል። `Download Windows Installer` የሚለውን አውርዱና ክፈቱት። ዊንዶውስ «ይፈቀድ?» ብሎ ሲጠይቅ የአሳታሚውን ስም አንብቡ። `WireGuard LLC` ማለት አለበት። ሌላ ስም ወይም «የማይታወቅ» ካለ እዚያው አቁሙና ፋይሉን አጥፉ።

3. የፕሮቶን አካውንት ክፈቱ።

`account.protonvpn.com` ገብታችሁ ነጻውን ምረጡ። ለዚህ አካውንት ሌላ ቦታ የማትጠቀሙበት ፓስወርድ ይሁንለት። ምክንያቱም ይህን ፓስወርድ ያገኘ ሰው በስማችሁ አዲስ የቪፒኤን ፋይል ማውጣት ይችላል።

4. ፋይሉን አውጡ።

አካውንታችሁ ውስጥ `Downloads` የሚለው ክፍል ውስጥ `WireGuard configuration` የሚል አለ። ለፋይሉ ስም ስጡት፤ እኔ ብዙ ጊዜ የላፕቶፑን ስም እሰጣለሁ። ከመድረኮቹ `Windows` ምረጡ። ከዚያ ከነጻዎቹ ሰርቨሮች አንዱን ምረጡና `Create` ከዚያ `Download` በሉ።

የትኛውን አገር? ከናንተ የሚቀርበውን። አዲስ አበባ ሆናችሁ ጃፓንን ብትመርጡ እያንዳንዱ ጥያቄ ጃፓን ደርሶ ነው የሚመለሰው። ኔዘርላንድስ ይሻላል።

ፋይሉ የሚያበቃበት ቀን አለው። ገጹ ላይ ከስሙ አጠገብ ተጽፏል፣ ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ አድርጉት። ቀኑ ሲያልፍ ምንም ሳይነግራችሁ መሥራት ያቆማል።

5. ፋይሉን ከማስገባታችሁ በፊት በኖትፓድ ከፍታችሁ አንብቡት።

ይህን ይመስላል። ቁልፎቹንና አድራሻውን ለምሳሌ ቀይሬያቸዋለሁ፦

```
[Interface]
PrivateKey = (የናንተ ሚስጥር ቁልፍ)
Address = 10.2.0.2/32
DNS = 10.2.0.1

[Peer]
PublicKey = (የሰርቨሩ ቁልፍ)
AllowedIPs = 0.0.0.0/0, ::/0
Endpoint = 203.0.113.10:51820
```

ሦስት መስመር ብቻ ተመልከቱ።

`PrivateKey` ፓስወርዳችሁ ማለት ነው። ይህን ፋይል ለማንም አትላኩ፣ ስክሪንሾት አንስታችሁም ግሩፕ ላይ «አልሠራ አለኝ» ብላችሁ አትለጥፉ።

`DNS` ማለት «ይህ ስም የት ነው?» የሚለው ጥያቄ ወዴት እንደሚሄድ ነው። ይህ መስመር ከሌለ ጥያቄው እንደ ቀድሞው ወደ ካፌው ወይም ወደ ቴሌ ሊሄድ ይችላል። ያኔ የምትገቡባቸውን ድረ ገጾች ስም ሁሉ እያወጃችሁ ነው፤ ቪፒኤኑ በርቶ ሳለ።

`AllowedIPs` የትኛው ትራፊክ በቪፒኤኑ ውስጥ እንደሚያልፍ ይወስናል። `0.0.0.0/0` ማለት «የድሮው ዓይነት አድራሻ ሁሉ» ነው። `::/0` ማለት «አዲሱ ዓይነት ሁሉ» ነው። ሁለተኛው ከጎደለና የናንተ ኔት አዲሱን ዓይነት የሚሰጥ ከሆነ፣ ግማሹ ትራፊካችሁ በቪፒኤኑ ሳያልፍ በጎን ሊወጣ ይችላል። ጎድሎ ካገኛችሁት ከኮማ በኋላ ራሳችሁ ጨምሩትና ሴቭ አድርጉ።

6. ፋይሉን አስገቡ።

ዋየርጋርድን ክፈቱ፣ `Import tunnel(s) from file` የሚለውን ተጫኑ፣ ፋይሉን ምረጡ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። የፋይሉ ስም ውስጥ ባዶ ቦታ፣ ቅንፍ ወይም የአማርኛ ፊደል ካለ ፕሮግራሙ አይቀበለውም። ርዝመቱም ከ32 ፊደል ማለፍ የለበትም። ሁለት ጊዜ ዳውንሎድ ስታደርጉ ብራውዘሩ ራሱ መጨረሻው ላይ `(1)` ይጨምርበታል፤ እሱ ብቻውን ይበቃል ለመከልከል። ስሙን ወደ `nl1.conf` ዓይነት አጭር ስም ቀይሩትና እንደገና ሞክሩ።

7. «ቪፒኤኑ ከተቋረጠ ኔቱም ይቁም» የሚለውን አብሩ።

የገባውን ስም ምረጡና `Edit` በሉ። ከታች `Block untunneled traffic (kill-switch)` የሚል ሳጥን አለ። ምልክት ይኑርበት።

ለምን? ዋይፋይ ደከም ሲል ቪፒኤን ለጥቂት ሰከንድ ይቋረጣል። ያን ጊዜ ላፕቶፑ ዝም ብሎ በተራው መንገድ እንዳይወጣ የሚከለክለው ይህ ነው። እናንተ ሳታውቁት ቴሌግራም፣ ኢሜይል፣ ብራውዘር ሁሉም በየሰከንዱ የሆነ ነገር ይልካሉ። ለአምስት ሰከንድ ቢወጡ አይፒ አድራሻችሁ ታየ ማለት ነው። የሚጠብቀው ግን ቪፒኤኑ `Active` እስካለ ድረስ ብቻ ነው፤ ራሳችሁ `Deactivate` ካላችሁ ይህም አብሮ ይጠፋል።

8. አብሩት፣ ግን አረንጓዴውን አትመኑ።

`Activate` በሉ። ወዲያው አረንጓዴ ይሆንና `Active` ይላል። ተገናኝቷል ማለት ግን አይደለም! ዋየርጋርድ «ዝግጁ ነኝ» ነው ያለው። ሰርቨሩ ባይመልስለትም አረንጓዴው እንዳለ ይቆያል።

መመልከት ያለባችሁ `Latest handshake` የሚለውን መስመር ነው። «ከ10 ሰከንድ በፊት» ዓይነት ነገር ከጻፈ ተገናኝታችኋል። ኔት እየተጠቀማችሁ ሳለ በየሁለት ደቂቃው ገደማ ይታደሳል። መስመሩ ጨርሶ ከሌለና `Transfer` ላይ የተቀበለው `0 B` ካለ አልተገናኛችሁም። ወደ ታች ወርዳችሁ የስህተቶቹን ክፍል እዩ።

9. ፈትሹ።

መጀመሪያ የጻፋችሁትን ትእዛዝ ድገሙት፦

```
curl.exe -4 https://ifconfig.me
curl.exe -6 https://ifconfig.me
nslookup wikipedia.org
```

የመጀመሪያው ወረቀታችሁ ላይ ካለው የተለየ ቁጥር መስጠት አለበት። ሁለተኛው ወይ የተለየ አድራሻ ወይ ስህተት። ያው የድሮው ረጅም አድራሻ ከወጣ በጎን እያፈሰሰ ነው፤ ወደ 5ኛው እርምጃ ተመለሱና `::/0` ን አረጋግጡ። ሦስተኛው ላይ የመጀመሪያው `Address` የሚለው ፋይላችሁ ውስጥ ያለውን `10.2.0.1` ማሳየት አለበት። ከላዩ `Server: UnKnown` ቢል አትደንግጡ፣ ምንም አይደለም። `192.168.` የሚጀምር ከወጣ ግን ጥያቄው ወደ ካፌው ራውተር እየሄደ ነው።

ማክ ላላችሁም ያው ፋይል ይሠራል፤ ዋየርጋርድን ከአፕ ስቶር አውርዳችሁ ታስገቡታላችሁ።

ብዙ ጊዜ የሚገጥሙ ስህተቶች

*አረንጓዴ ነው፣ ኔት ግን የለም።* መጀመሪያ የላፕቶፑን ሰዓትና ቀን እዩ። በቀልድ አይደለም። ዋየርጋርድ በተገናኘ ቁጥር ሰዓቱን አብሮ ይልካል፤ ሰርቨሩ ደግሞ ካለፈው ጊዜ ወደ ኋላ የሄደ ሰዓት ካየ አይቀበልም። ባትሪያቸው ያለቀ የድሮ ላፕቶፖች ተነስተው ሲበሩ ሰዓታቸው ወደ ኋላ ዓመታት ይመለሳል። አንድ ወዳጄ ሦስት ቀን ሙሉ ፋይል ሲቀያይር ከርሞ ችግሩ ይህ ሆኖ ተገኘ።

ሰዓቱ ትክክል ከሆነ የፋይሉን ማብቂያ ቀን እዩ። እሱም ካላለፈ ኔቱ ራሱ ዋየርጋርድን እየከለከለ ሊሆን ይችላል። የስልካችሁን ሆትስፖት ሞክሩ። በሆትስፖት ሠርቶ በመሥሪያ ቤቱ ዋይፋይ እምቢ ካለ፣ ከልካዩ ታወቀ። ዋየርጋርድ ቪፒኤን መሆኑን ለመደበቅ አይሞክርም፤ መዝጋት የፈለገ በቀላሉ ይዘጋዋል። እንዲህ ሲሆን የፕሮቶንን የራሱን አፕ ጭናችሁ `Protocol` ላይ `Stealth` የሚለውን ምረጡ። እሱ ትራፊኩን ተራ `https` አስመስሎ ነው የሚልከው።

*አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ይቆማል።* ያንኑ ፋይል ስልካችሁ ላይም አስገብታችኋል? ሰርቨሩ አንድን ቁልፍ የሚያውቀው በአንድ ቦታ ነው። ላፕቶፑ ሲያወራ ወደ ላፕቶፑ ይልካል፣ ስልኩ ሲያወራ ወደ ስልኩ። ሁለቱ ይነጣጠቃሉ። ለእያንዳንዱ ዕቃ የራሱን ፋይል አውጡ። በነጻው አካውንት ደግሞ አንዱን ሳታጠፉ ሌላውን አታብሩ።

*አንዳንድ ድረ ገጽ ይከፈታል፣ አንዳንዱ እየዞረ ይቀራል።* ይህ በሞባይል ዳታ ላይ በብዛት ይገጥማል። ቪፒኤን በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ የራሱን ሽፋን ስለሚጨምር ፓኬቱ ለመስመሩ ይገዝፍበታል። ትንንሹ ያልፋል፣ ትልልቁ ይጠፋል። `Edit` ገብታችሁ ከ `DNS` መስመር ሥር ይህን ጨምሩ፦

```
MTU = 1280
```

*ፕሪንተሩ ጠፋ።* 7ኛው እርምጃ ላይ ያበራችሁት ነው ያጠፋው። «በቪፒኤኑ ከማያልፍ ጋር አትነጋገር» ተብሏል፣ ፕሪንተሩ ደግሞ እዚያው ቤት ውስጥ ነው። ለማተም `Deactivate` በሉ፣ አትሙ፣ መልሱት።

*የሆቴሉ ዋይፋይ መግቢያ ገጽ አይመጣም።* ያው ምክንያት ነው። ገጹ ከቪፒኤኑ ውጪ ስለሆነ ታግዷል። ላፕቶፑን አጥፍታችሁ ብታበሩትም ቪፒኤኑ በርቶ ከነበረ በርቶ ነው የሚነሳው። አጥፉት፣ የክፍል ቁጥራችሁን አስገብታችሁ ግቡ፣ ከዚያ አብሩት።

*ፓኬጄ ቶሎ አለቀ።* ቪፒኤን ዳታ አይቆጥብም፤ ይጨምራል። የዋየርጋርድ ሽፋን ለትልልቅ ፓኬቶች 4 በመቶ ገደማ ነው፣ ይህ አይጎዳም። የሚጎዳው ሌላ ነው። ለቴሌግራም ወይም ለፌስቡክ ብቻ የሚሸጥ ፓኬጅ ገዝታችሁ ከሆነ፣ ቴሌው አሁን ቴሌግራም መሆኑን ማየት አይችልም። ደብቃችሁበታል። ስለዚህ ከዋናው ዳታ ወይም ከሒሳባችሁ ነው የሚቆርጠው። እንዲህ ዓይነት ፓኬጅ ስትጠቀሙ ቪፒኤኑን አጥፉ።

*ባንኩ አካውንቴን ዘጋው።* አንዲት ዘመዴ ጠዋት አዲስ አበባ ሆና የባንክ አፕ ከፈተች፤ ከሰዓት በላፕቶፕ፣ በቪፒኤን ገባች። ለባንኩ የታየው ከአራት ሰዓት በኋላ ከኔዘርላንድስ የገባ ሰው ነው። አካውንቱን አገደባት፣ ለማስከፈት ቅርንጫፍ ድረስ መሄድ ነበረባት። ባንኩ ማን እንደሆናችሁ ያው ያውቃል፤ ግንኙነቱም በ `https` ተመስጥሯል። ባንክ ስትገቡ ቪፒኤኑ የሚጨምርላችሁ ትንሽ ነው፤ እኔ አጥፍቼ ነው የምገባው። ካፌ ውስጥ ከሆንኩና ዋይፋዩን ካላመንኩት ደግሞ በስልኬ ሆትስፖት።

*ዊኪፔዲያ ላይ ማረም አልችልም አለኝ።* ብዙ የቪፒኤን አድራሻዎች እዚያ ታግደዋል፤ በአንዱ አድራሻ ብዙ ሰው ስለሚወጣ ሌላው ያበላሸው ለናንተም ይተርፋል። ማንበብ ይቻላል። ለማረም አጥፉት። ሌሎች ድረ ገጾች ላይም «ሮቦት አለመሆንህን አረጋግጥ» የሚለው ሥዕል እየደጋገመ ከመጣባችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው። ሌላ ሰርቨር መርጣችሁ ከ4ኛው እርምጃ ጀምሮ ሁለተኛ ፋይል አውጡና፣ ዋየርጋርድ ውስጥ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ።